ዝናብ ሊመጣ ሲል ከብቶች ለምን ይጠጋጋሉ? ለምንስ ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኮምቦልቻ ዙሪያ ከሰዓት በኋላ ግጦሽ ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። እዚህም እዚያም ተበታትነው ሲግጡ የነበሩ ከብቶች ቀስ በቀስ ይሰበሰባሉ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንድ ሰው ያዘዛቸው ይመስል ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ። እረኛው ጅራፍ አላጮኸም። ውሻም አላባረራቸውም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዶፉ ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው "ከብት ዝናብ ያውቃል" ቢል አይፈረድበትም።

ቀረብ ብሎ ላየው ግን እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። መጠጋጋቱ አንድ ነው፤ መዞሩ ሌላ ነው። ተከታትለው ስለሚመጡ አንድ ይመስሉናል እንጂ መንስኤያቸው ይለያያል። ሁለቱም ከትንቢት ጋር አይገናኙም። ከብቱ ምላሽ የሚሰጠው በዚያች ደቂቃ ቆዳው ላይ ላረፈው ነገር ነው። ዝናቡ ገና ሩቅ ቢሆንም ከዝናቡ የተነሳ ነገር ግን አስቀድሞ ሜዳው ላይ ደርሷል። ከመዞሩ ልጀምር፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

ከዝናቡ የሚቀድመው ንፋስ

ነጎድጓድ ያለበት የክረምት ዝናብ ከፊቱ ቀዝቃዛ አየር ይልካል። እንዴት እንደሆነ እንይ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ሐረጎ አናት ላይ፣ ጥቁር ደመና ተቆልሎ መዝነብ ጀመረ እንበል። ጠብታዎቹ ከደመናው ሲወጡ ከታች ያለው አየር ገና ደረቅ ነው። ስለዚህ ከፊሉ ጠብታ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ውሃ ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ከዙሪያው አየር ነው። አየሩ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ይከብዳልና ቁልቁል ይወርዳል። የሚዘንቡት ጠብታዎችም አብረው ወደ ታች ይጎትቱታል።

ይህ ሁሉ አየር መሬት ሲነካ መሄጃው ወደ ጎን ብቻ ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ ሊሾ ወለል ላይ ሲደፋ እንደሚሆነው በየአቅጣጫው ይዘረጋል። ሞቃቱን አየር ከፊቱ እያነሳ፣ ራሱ ከሥር እየተንሸራተተ ይገሰግሳል። ከዝናቡ በፊት ድንገት የሚመጣው፣ አቧራ የሚያስነሳው፣ የተሰጣ ልብስ የሚያራግበው ቀዝቃዛ ንፋስ ይህ ነው። የረጠበ አፈር ሽታ የሚያመጣውም እሱው ነው። ሽታው የተነሳው እኛ ከቆምንበት መሬት አይደለም። ዝናቡ ቀድሞ ካረሰረሰው ሌላ ቦታ ተነስቶ ነው የመጣው።

ቀለል ያለ ሂሳብ እንሥራ። ዝናቡ ከከብቶቹ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። ደመናው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ እነሱ ይመጣል። ቀዝቃዛው አየር ደግሞ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ለእንዲህ ዓይነት ንፋስ ይህ የተጋነነ ፍጥነት አይደለም። ንፋሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ዝናቡ በ20 ደቂቃ። ከብቶቹ ንፋሱ እንደነካቸው ቢዞሩ፣ ከዝናቡ 10 ደቂቃ ቀደሙ ማለት ነው። ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ 10 ደቂቃ ተአምር ይመስላል።

የኛ አካባቢ አቀማመጥ ደግሞ ነገሩን ያጎላዋል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመንገድ ያለው ርቀት ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁለት ይቀናዋል። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ሲወርድ ቅዝቃዜው ገደላገደሉንና የቦርከናን ሸለቆ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከታች ሜዳው ላይ ፀሐይ እንደወጣች፣ ሰማዩ ግማሽ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከብቶቹ ጋ ንፋሱ ሊደርስ ይችላል። ቀና ብሎ ከአናቱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ የሚያይ ሰው "ምን ታይቷቸው ነው?" ማለቱ አይቀርም። መልሱ ያለው ከአናቱ በላይ ሳይሆን ወደ ደጋው በኩል ነው።

ለምን ጀርባ?

ከብቶቹ የሚዞሩት ጀርባቸውን ለንፋሱ ሰጥተው ነው። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ግን ሁሉም ከብት ጀርባውን ይሰጣል ማለት አይደለም። ወበቅ ሲያስጨንቀው የቆየ ከብት ለስለስ ያለ ቀዝቃዛ ነፋሻ ሲያገኝ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ፣ አንገቱን ዘርግቶ ሊቆም ይችላል። ይቀዘቅዝበታል፤ ሽታውንም ያነባል። ንፋሱ ሲበረታና አቧራ ወይም ጠብታ ሲይዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ነው የሚዞሩት።

በቅርብ ሆናችሁ አንዷን ላም ተመልከቱ። መጀመሪያ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይተኛል። ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሁለት ሦስት እርምጃ በጎን ትራመድና ታፋዋን ለንፋሱ ትሰጣለች። ጭራዋ መወራጨቱን ይተውና በታፋዎቿ መሀል ተለጥፎ ይቀራል። ጥጃ ካላት ጥጃው ከፊቷ ወይም ከጎኗ፣ ንፋሱ በማይደርስበት በኩል ይገባል። ከዚያ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሣር እግሯ ሥር ቢኖርም አትግጥም።

ምክንያቱ የሰውነቷ አሠራር ነው። ዓይን፣ አፍንጫና ጆሮ ያሉት ፊት ላይ ነው። ቆዳው እዚያ ስስ ነው፤ አፍንጫዋ ጭራሽ ፀጉር የለውም። ውሽንፍር ወይም በረዶ ፊት ለፊት ሲመታ ዓይንም አፍንጫም ይጎዳል። ታፋ ግን ወፍራም ቆዳና ብዙ ሥጋ ያለው ቦታ ነው። ሌላም አለ። ከብት ከጎን ሲታይ ረጅም ነው፤ ከኋላ ሲታይ ጠባብ ነው። ጎኗን ለንፋሱ ከሰጠች የሚመታት ሰፊ አካል ነው። ታፋዋን ከሰጠች ግን የሚመታት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ንፋስና ዝናብ ሙቀት የሚወስዱት በሚነኩት የቆዳ ስፋት ልክ ስለሆነ፣ መዞር ብቻውን ብዙ ሙቀት ያተርፋል።

የከብት ሰውነት ሙቀት 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ደረቅ ፀጉር በውስጡ አየር ስለሚይዝ ይህን ሙቀት ይጠብቃል። ሲርስ ግን አየሩ ይወጣና ፀጉሩ ሥራውን ያቆማል። የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች ቆዳዋ የራሰ ላም ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ራሷን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት ትጀምራለች ይላሉ። ይህ የተነገረው ቀዝቃዛ አገር ላሉ ከብቶች ነው። ሻኛ ያላቸው የእኛ አገር ከብቶች ፀጉራቸው አጭርና ስስ ነው። ሙቀት ይችላሉ፤ ለብርድ ግን ያን ያህል አልተሠሩም።

ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አንድ ዓይነት መዞር አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ የነበረው አየር ወደ 20 ቢወርድ ከብቱ አይበርደውም። የሚሸሸው ፊቱን የሚመታውን ውሽንፍር ነው። ዝናቡ ቀለል እንዳለ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ደሴ ዙሪያ ደጋው ላይ ግን አየሩ መጀመሪያም ቀዝቃዛ ነው። ዝናቡ ሲጨመርበት ከ15 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። እዚያ ከብቶቹ ዝናቡ ካባራ በኋላም እንደተኮራመቱ ብዙ ይቆያሉ። በተለይ ጥጆችና የከሱ ላሞች ይንቀጠቀጣሉ። መንቀጥቀጥ ካያችሁ ብርዱ እውነተኛ ብርድ ነው ማለት ነው፤ በረት መግባት ያለባቸውም ያኔ ነው።

ለመሆኑ ከብቱ የሚያውቀው ዝናቡን ሳይሆን ንፋሱን እንደሆነ በምን እናውቃለን? ሁለት ማረጋገጫዎች አሉ፤ ማንም ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ሊያያቸው ይችላል።

አንደኛው ንፋሱ መጥቶ ዝናቡ የሚቀርበት ቀን ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ደመና እዚያው አልቆ ይበተናል። ቀዝቃዛው አየር ግን አንዴ ተነስቷልና ጉዞውን ይቀጥላል። ሜዳው ላይ አቧራ ያስነሳል፣ የአፈር ሽታ ያመጣል፣ ከብቶቹም ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ዝናብ ግን ጠብ አይልም። ከብቱ ዝናብ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ባልዞረ ነበር።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ንፋስ የሌለው፣ ነጎድጓድ የሌለው ዝናብ አለ። በበልግም በክረምትም ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ግራጫ ሆኖ ይውልና ካፊያ ይጀምራል። ከፊቱ ቀዝቃዛ ንፋስ አይልክም። እንዲህ ያለ ቀን ከብቶቹ እንደተበታተኑ መጋጣቸውን ይቀጥላሉ። ቀድሞ የነገራቸው ነገር የለም። እኛ ግን ይህን ቀን አናስታውሰውም። የምናስታውሰው ከብቶቹ ዞረው ዶፉ የወረደበትን ቀን ነው።

መጠጋጋቱስ?

አሁን ወደ መጠጋጋቱ እንምጣ። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ብርዱን ወይም ፍርሃቱን ያነሳል። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ቀዝቃዛው ንፋስ ገና ሳይደርስ የሚጀምር መጠጋጋት አለ። በእኔ እይታ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እሱ ነው። የዚህኛው ምክንያት ዝንብ ነው።

ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለውን ሰዓት አስቡት። አየሩ ሞቃት ነው። እርጥበት አለው። ንፋስ ጸጥ ብሏል። ሰው እንኳ "ምን ዓይነት ወበቅ ነው!" ይላል። ይህ ለተናካሽ ዝንቦች የተመቸ ሰዓት ነው። ንፋስ ስለሌለ እንደልባቸው ይበራሉ፤ ሙቀቱ ያነቃቸዋል። ከነሱ አንዷ የቤት ዝንብ የምትመስል፣ ግን ሹል አፍ ያላትና ደም የምትመጥ ናት። በረት አካባቢ በረጠበ እበትና በበሰበሰ ገለባ ውስጥ ትራባለች። የምትወደው የከብቱን እግር ነው፤ በተለይ የፊት እግሩን። ንክሻዋ ያማል።

ይህች ዝንብ ስትበዛ ከብቶች ክብ ሠርተው ይተፋፈጋሉ። ጭንቅላታቸውን ወደ መሀል ያስገባሉ፤ ጀርባቸው ወደ ውጭ ይቀራል። እያንዳንዱ መሀል ለመግባት ይገፋል። ምክንያቱም ዝንቦቹ አብዛኛውን የሚነክሱት ዳር ያለውን ነው። የእንግሊዙ ባዮሎጂስት ዊልያም ሃሚልተን በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። መንጋ የሚጠጋጋው የግድ ለመተሳሰብ አይደለም፤ እያንዳንዱ እንስሳ አደጋው ሌላው ላይ እንዲያርፍ ከጎረቤቱ ጀርባ ለመደበቅ ሲሞክር፣ ሁሉም ተደማምረው አንድ ጥብቅ ክምር ይሆናሉ። ደካማውና ትንሹ ብዙ ጊዜ ዳር ይቀራል። ከሣ ያለችውን ጊደር ዳር ላይ ካያችኋት ይህን አስታውሱ።

ዋጋም አለው። ከብት ያመነዠከው ሣር ከርሱ ውስጥ ሲብላላ ራሱ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። በወበቅ ሰዓት ያ ሙቀት እንዲወጣ በሰውነቶቹ መሀል አየር ማለፍ አለበት። ተፋፍገው ሲቆሙ አየሩ አያልፍም። ስለዚህ ዝንብን ሽሽት ሙቀት ውስጥ ይገባሉ። በዝንብ የተነሳ ከብት ክብደት የሚቀንሰው በሚመጠጠው ደም ብቻ አይደለም። ተፋፍጎ በመቆሙ ስለሚሞቀውና ስለማይግጥም ጭምር ነው።

እንግዲህ ሁለቱን መጠጋጋት እንዴት መለየት ይቻላል? ቅርፁን እዩ፤ ከዚያ ጭራውን እዩ። በዝንብ የተነሳ ከሆነ ቅርፁ ክብ ነው፤ ፊታቸውም ወደ መሀል ነው። ጭራ ይወራጫል። እግር መሬት ይረግጣል። ጭንቅላት ወደ ጎን እየተወረወረ ጎኑን ይመታል። ዕረፍት የለም። በንፋስና በብርድ የተነሳ ከሆነ ግን ሁሉም ታፋቸው ወደ አንድ ወገን ነው። ጭራው ተለጥፏል። እግር አይንቀሳቀስም። ጸጥታ ነው።

አሁን ሁለቱን በሰዓት አሰልፈን አንድ ከሰዓት በኋላ እንሥራ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወበቁ አይሏል፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ከብቶቹ መተፋፈግ ይጀምራሉ፤ ጭራ ሲወራጭ ከሩቅ ይታያል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጋው በኩል ይጠቁራል፤ ነጎድጓድ ከሩቅ ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ቀዝቃዛው ንፋስ ይደርሳል። ንፋሱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። ዝንቦቹን ጠርጎ ይወስዳል፤ ከብቶቹን ደግሞ ፊታቸውን ይመታል። ክቡ ይፈታል። ከብቶቹ ግን አይበተኑም፤ እዚያው እንደተጠጋጉ ጀርባቸውን ለንፋሱ ይሰጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዶፉ ይወርዳል። ዳር ሆኖ ያየ ሰው "ከዝናቡ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ አውቀው ነበር" ይላል። ያየው እውነት ነው። ግን የመጀመሪያው ሃምሳ ደቂቃ የዝንብ ነበር፤ የመጨረሻው አሥር ደቂቃ የንፋስ።

ነጎድጓዱም የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ከብት ሲደነግጥ ወደ ባልንጀራው ይሮጣል። አንዲት መሪ ላም ከተንቀሳቀሰች ሌሎቹ ምክንያቱን ሳያውቁ ይከተላሉ። ሃያ ከብት በአንድ ጊዜ ሲዞር ሃያውም ንፋሱን እኩል አስተውለዋል ማለት አይደለም። ሦስት አራቱ ዞረው ቀሪዎቹ ተከትለው ሊሆን ይችላል።

የአየር ግፊት ነው የሚሉስ?

ብዙ ሰው "ከብት የአየር ግፊት ሲወርድ ይሰማዋል" ሲል እሰማለሁ። ሲነገር ሳይንሳዊ ስለሚመስል በቀላሉ ይታመናል። ለኛ አገር ሰው ግን ይህን መፈተን ቀላል ነው፤ መፈተኛው መንገዱ ነው።

ነጎድጓዳማ ዝናብ ሲመጣ ግፊቱ የሚለዋወጠው በጥቂት ሄክቶፓስካል ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ያህል። በእኛ ከፍታ ላይ አንድ ሄክቶፓስካል ማለት አሥር ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ገበያ የሚነዳ በሬ 650 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ግፊቱ 60 ሄክቶፓስካል ያህል ወረደበት ማለት ነው። ይህ ከደመናው ለውጥ ሃያ እጥፍ ነው። በሬው ግን ሐረጎ ላይ ዝናብ መጣ ብሎ ጀርባውን አያዞርም። እንዲያውም ሠላሳ ሜትር ከፍታ ያላት ጉብታ ላይ ሣር ፍለጋ የወጣች ላም ዝናቡ የሚያመጣውን ያህል የግፊት ለውጥ በራሷ እግር አግኝታለች።

ሌላም አለ። እንደ እኛ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግፊቱ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ይበዛል። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ያንሳል። ልዩነቱ ሦስት ሄክቶፓስካል ያህል ነው፤ በበጋም በክረምትም፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም። ከብቶቹ ምላሽ የሚሰጡት ለግፊት ቢሆን ኖሮ ጥር ላይም በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተሰብስበው በቆሙ ነበር።

የመሬት መግነጢስም ይነሳል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የጀርመንና የቼክ ተመራማሪዎች ከሳተላይት ምስል ላይ ከ8,000 በላይ ከብቶችን አይተው አብዛኞቹ በሰሜንና ደቡብ መስመር ይቆማሉ አሉ። በ2011 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ምስሎችን አይተው እንዲህ ያለ ነገር አላገኘንም አሉ። ክርክሩ ሌላ ነው። ከዝናብ ጋር ግን አይገናኝም፤ ሰሜን ዝናብ ሊመጣ ሲል ቦታውን አይለውጥምና።

ሌሎች ሁለት ተራ ምክንያቶችን ግን አትርሱ። ተዳፋት ላይ ያለ ከብት ሚዛኑን ለመጠበቅ ብዙ ጊዜ ዳገቱን አግድም ይዞ ይቆማል፤ ስለዚህ ያለ ንፋስም ተሰልፎ ሊታይ ይችላል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከብት ፊቱን ወደ በረቱ ያዞራል። በክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ ሰዓቶች ይገጥማሉ፤ ወደ ቤቱ የዞረው ከብት ዝናብ ያወቀ ይመስላል።

መብረቅ ካለ

ይህን ሁሉ ማወቅ ጨዋታ ማሳመሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ከብቶቹ እንዲህ ተጠጋግተው ወደ አንድ ወገን ዞረው የሚቆሙበት ሰዓት መብረቅ የሚወርድበት ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ተፈጥሯቸው ይጎዳቸዋል።

መብረቅ ዛፍ ሲመታ ኤሌክትሪኩ በግንዱ ወርዶ መሬት ውስጥ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። ከዛፉ በራቀ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዛፉ በቀረበው እግርና በራቀው እግር መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱም ኤሌክትሪኩን በሰውነት ውስጥ ይነዳዋል። ሰው እግሩን ገጥሞ ከቆመ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከብት ግን የፊትና የኋላ እግሩ ከአንድ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም መንገዱ በልብ በኩል ነው። ለዚህ ነው ዛፉ ሥር የነበረው እረኛ ተርፎ ከብቶቹ የሚያልቁበት ጊዜ ያለው።

አሁን ከላይ ያየነውን መዞር እዚህ ላይ ጨምሩት። ከብቶቹ ዋርካ ወይም ግራር ሥር ሲጠለሉ፣ ንፋሱን ዛፉ እንዲከልልላቸው ከዛፉ ማዶ ይቆማሉ። ጀርባቸውን ለንፋሱ ሲሰጡ ታፋቸው ወደ ግንዱ፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ይሆናል። ይህ የኋላ እግራቸውን ለዛፉ በጣም የቀረበ፣ የፊት እግራቸውን በጣም የራቀ ያደርገዋል። ለመብረቅ ከዚህ የከፋ አቋቋም የለም። ጎናቸውን ለዛፉ ሰጥተው ቢቆሙ ኖሮ አደጋው ይቀንስ ነበር። ብርዱ ያዞራቸዋል፤ መብረቁ በዞሩበት ያገኛቸዋል። መጠጋጋቱ ደግሞ አንዱ ጋ የደረሰው ለሌላውም እንዲተርፍ ያደርጋል። በነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ.) ኖርዌይ ውስጥ ሃርዳንገርቪዳ በሚባል አምባ ላይ 323 የዱር አጋዘኖች ተጠጋግተው በቆሙበት በአንድ የመብረቅ አደጋ አልቀዋል። እዚያ ዛፍ እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ እረኛ ከሆናችሁ ወይም ከብት ለልጅ የምታስጠብቁ ከሆነ፣ ሥራው የሚጀምረው ዶፉ ሲወርድ አይደለም። ከብቶቹ ጀርባቸውን ሲሰጡ ነው። ያኔ አሥር ደቂቃ ያህል አላችሁ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ሠላሳ ሳትቆጥሩ ከተሰማ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ እናንተም ከብቶቹም የአደጋው ክልል ውስጥ ናችሁ። ከብቶቹን ከብቸኛ ዛፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከጉብታ አናት አርቁ። ዝቅ ወዳለ ሜዳ ንዷቸው፤ ወንዙ ዳር ግን አይሁን። ዝናቡ ደጋው ላይ ወርዶ ከሆነ ቦርከና እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድም ሊሞላ ይችላል። ልጁ ከመንጋው መሀል ገብቶ ከዝናብ እንዳይጠለል ንገሩት። ቤት ወይም መኪና ካለ ወደዚያ ይሂድ። ከብቶቹ ራሳቸው ይቆማሉ፤ የትም አይሄዱም።

ዝናቡ ካባራ በኋላም አትቸኩሉ። የመብረቅ ጥንቃቄ ባለሙያዎች ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ ይላሉ። ከብቶቹ ግን ይህን አይጠብቁም። ንፋሱ እንደቆመ ተበታትነው መጋጥ ይጀምራሉ፤ የእነሱ መረጋጋት መብረቁ አልፏል ማለት አይደለም።